ወርቅ ማውጣት ስጋት አለው፤ ግን ስንት በመቶ?

ማርች 2025 ላይ የአንድ አውንስ ወርቅ ዋጋ 3,000 ዶላርን አለፈ። ኦክቶበር ላይ ደግሞ 4,000ን ተሻገረ። እዚህ አገር በጥር 2017 ዓ.ም. የሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያው ሥራ ጀምሯል። ሁለቱ ነገሮች ተገጣጥመው አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ይነሳል። አንድ ኩባንያ ወርቅ ለማውጣት ከባለአክሲዮኖች ገንዘብ ቢሰበስብ፣ በዓመት ስንት በመቶ ሊያስገኝላቸው ይገባል?

ብዙ ጊዜ የሚሰማው መልስ አጭር ነው። «ማዕድን ስጋት ያለበት ዘርፍ ስለሆነ 30 በመቶ ካላስገኘ አይነካም» ይባላል። ሌላው 25 ይላል። ሌላው ደግሞ ካፕኤም የተባለውን ቀመር ይጠቅስና 12 በመቶ ይበቃል ይላል። ሦስቱም ስለ አንድ ጉድጓድ ነው የሚያወሩት። ልዩነቱ ቀላል አይደለም፤ በ12 አዋጭ የሆነ ፕሮጀክት በ25 ኪሳራ ነው።

ይህ ጽሑፍ ልዩነቱ ከየት እንደሚመጣ አንድ ምሳሌ ይዞ ይከተላል። የፕሮጀክቱ ቁጥሮች ለማስረዳት የታሰቡ ናቸው፤ የአንድም እውነተኛ ኩባንያ አይደሉም። የስሌቱ አካሄድ ግን በሙያው የሚሠራበት ነው።

## ቀመሩ የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው

ካፕኤም የካፒታል ንብረቶችን ዋጋ የሚተምን ሞዴል ነው። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ዊልያም ሻርፕ፣ ጆን ሊንትነርና ያን ሞሲን ለየብቻቸው ደረሱበት። ሻርፕ በ1990 ከሃሪ ማርኮዊትዝና ከመርተን ሚለር ጋር የኖቤል ሽልማት ተጋርቷል። ቀመሩ ይህ ነው፦

```
Ke = Rf + β × (Rm − Rf)
```

Ke ባለአክሲዮኑ ሊጠይቅ የሚገባው ዓመታዊ ተመላሽ ነው፤ የባለአክሲዮን ካፒታል ዋጋ እንለዋለን። Rf ስጋት የለበትም ተብሎ የሚታሰብ ወለድ ነው። በቅንፍ ውስጥ ያለው ሰው ገንዘቡን ከዚያ ወለድ አውጥቶ አክሲዮን ገበያ ውስጥ ስላስገባ የሚጠብቀው ካሳ ነው። ቤታ ደግሞ ይህ የተለየ አክሲዮን ከአጠቃላይ ገበያው ጋር ምን ያህል አብሮ እንደሚወጣና እንደሚወርድ ይለካል። ቤታ 1 ከሆነ እንደ ገበያው ነው። 1.5 ከሆነ ገበያው 10 በመቶ ሲወርድ አክሲዮኑ በአማካይ 15 ይወርዳል።

ግራ መጋባቱ የሚጀምረው እዚህ ነው። ቀመሩ «ይህ ሥራ ምን ያህል አደገኛ ነው?» ብሎ አይጠይቅም። የሚጠይቀው «አደጋው ሌላው ሁሉ ሲከፋ አብሮ ይከፋል ወይ?» ብሎ ነው። ምክንያቱም ሞዴሉ በአእምሮው ያስቀመጠው ባለሀብት ገንዘቡን በመቶ ቦታ የበተነ ሰው ነው። አንዱ ማዕድን ጎርፍ ቢገባው፣ የሌላው ቁፋሮ ደግሞ ያልተጠበቀ ወርቅ ያገኛል። በተበተነው ገንዘብ ውስጥ ሁለቱ ይጣፋሉ። የማይጣፋው ሁሉንም በአንድ ጊዜ የሚመታው ነው። ካሳ የሚከፈለው ለእሱ ብቻ ነው።

ስለዚህ የጂኦሎጂ ስጋት፣ ማለትም ድንጋዩ ውስጥ ናሙናው እንዳለው ያህል ወርቅ አለመገኘቱ፣ ቤታ ውስጥ የለም። ከዓለም ኢኮኖሚ ጋር ምንም ዝምድና የለውም። ይህ ማለት ግን ስጋቱ ይረሳል ማለት አይደለም። ቦታው ሌላ ነው፤ እንመለስበታለን።

## የሚዋዥቅ ሁሉ ቤታው ከፍተኛ አይደለም

ቤታ ሲሰላ የአክሲዮኑ መዋዠቅ በገበያው መዋዠቅ ይካፈልና፣ ሁለቱ አብረው በሚንቀሳቀሱበት መጠን (በዝምድና መለኪያው) ይባዛል።

አንድ ወርቅ አምራች ኩባንያን እንውሰድ። የአክሲዮኑ ዋጋ ዓመታዊ መዋዠቅ 45 በመቶ ነው እንበል። የገበያው 16 በመቶ ነው። ዝምድናቸው 0.35 ብቻ ነው። ቤታው 45 ሲካፈል ለ16፣ ሲባዛ በ0.35፣ ወደ 0.98 ይመጣል። ከጎኑ አንድ ትልቅ ባንክ እናስቀምጥ። መዋዠቁ 28 በመቶ ነው፤ ዝምድናው ግን 0.75። ቤታው 1.31 ይሆናል።

በዓይን ሲታይ ወርቁ ነው የሚያስፈራው። በቀመሩ ዓይን ግን ባንኩ የበለጠ ካሳ ይጠይቃል። ባንኩ ሰው ሥራ ሲያጣና ንግድ ሲቀዘቅዝ አብሮ ይታመማል። የወርቅ ዋጋ ግን የሚሄድበት የራሱ መንገድ አለው። አንዳንዴ ሌላው ሲሸሽ ወደ እሱ ይሸሻል።

ታዲያ የወርቅ አምራቾች አክሲዮን ለምን እንዲህ ይዘላል? ወጪያቸው ስለማይንቀሳቀስ ነው። አንድ አውንስ ለማውጣት 1,400 ዶላር የሚያወጣ ማዕድን፣ ዋጋው 2,000 ሲሆን 600 ያተርፋል። ዋጋው 10 በመቶ ጨምሮ 2,200 ቢገባ ትርፉ 800 ነው። ዋጋ በ10 በመቶ ሲነሳ ትርፍ በ33 በመቶ ተነሳ። ሲወርድም እንደዚያው ነው። ስለዚህ የአንድ ወርቅ አምራች ቤታ ከራሱ ከወርቁ ቤታ በብዙ ይበልጣል። ያም ሆኖ የተጋነነው መዋዠቅ በአብዛኛው የወርቅ ገበያ ጉዳይ እንጂ የዓለም ኢኮኖሚ ጉዳይ አይደለም።

## ምሳሌው፦ ምዕራብ ኢትዮጵያ ውስጥ ያለ የወርቅ ፕሮጀክት

ባለአክሲዮኖች 100 ሚሊዮን ዶላር ያዋጣሉ። ሌላ 100 ሚሊዮን በብድር ይመጣል። ግብር 25 በመቶ ነው እንበል። ብድርና ግብር ከተከፈለ በኋላ ለባለአክሲዮኖች በየዓመቱ 22 ሚሊዮን ዶላር ለ10 ዓመት ይተርፋል። ግንባታው የሚወስደውን ጊዜ ለማቅለል ትተነዋል።

የመጀመሪያው ስህተት ብዙ ጊዜ እዚህ ይፈጸማል። ፕሮጀክቱን የያዘው ኩባንያ ዋና ሥራው ሌላ ቢሆን፣ ለምሳሌ የምግብ ሸቀጥ ንግድ፣ የሒሳብ ክፍሉ የኩባንያውን የራሱን ቤታ ያነሳና ይቀጥላል። 0.7 ነው እንበል። ከስጋት ነፃው ወለድ 4.3 በመቶ፣ የገበያው ካሳ 5 በመቶ ቢሆን ውጤቱ 7.8 በመቶ ነው። ወደፊት የሚመጣው ገንዘብ በየዓመቱ በ7.8 በመቶ እየተቀነሰ ወደ ዛሬ ሲመለስ፣ የዛሬ ዋጋው 149 ሚሊዮን ይሆናል። በ100 ሚሊዮን ወጪ 49 ሚሊዮን ትርፍ! ግን ይህ የምግብ ንግድ ዋጋ ነው፤ የወርቅ አይደለም። ተመላሹን የሚወስነው ገንዘቡ የሚገባበት ሥራ እንጂ ገንዘቡን የሚያወጣው ኩባንያ አይደለም።

ትክክለኛው መንገድ በቶሮንቶ፣ በለንደንና በመሳሰሉት ገበያዎች የተመዘገቡ፣ ሥራቸው ወርቅ ማውጣት ብቻ የሆነ ኩባንያዎችን መፈለግ ነው። የኛ ገበያ ገና ጨቅላ ስለሆነ ቤታ የሚወጣበት የዓመታት የዋጋ መዝገብ የለውም። ስለዚህ ወደ ውጭ መሄድ ግድ ነው።

ሦስት ኩባንያዎች አገኘን እንበል። የተመዘገበው ቤታቸው 1.10፣ 0.80 እና 1.45 ነው። እነዚህን ዝም ብሎ ማማከል አይቻልም፤ ምክንያቱም የዕዳ መጠናቸው ይለያያል። ዕዳ ያለበት ኩባንያ ባለአክሲዮን መጨረሻ ላይ የሚካፈል ስለሆነ ንውጥውጡ ይበዛበታል። ስለዚህ መጀመሪያ ዕዳውን ከቤታው ውስጥ እናወጣለን። ከዚያ የኛን ፕሮጀክት ዕዳ እናስገባለን። በሥራ ላይ የሚዘወተረው ሮበርት ሃማዳ በ1972 (እ.ኤ.አ.) ያቀረበው ቀመር ነው፦

```
βU = βL / (1 + (1 − t) × D/E)
```

βL ዕዳን ጨምሮ የሚታየው ቤታ ነው፤ βU ዕዳ የሌለበት። t ግብር ነው፤ D/E ዕዳ ለባለአክሲዮን ካፒታል ያለው ምጥጥን። ለሁሉም ግብሩን 25 በመቶ እናድርገው። የመጀመሪያው ዕዳው የካፒታሉ 20 በመቶ ስለሆነ 1.10 ለ1.15 ተካፍሎ 0.96 ይሰጣል። ሁለተኛው 10 በመቶ ዕዳ ይዞ 0.74 ይሆናል። ሦስተኛው 1.45 የነበረው፣ ዕዳው 60 በመቶ ስለሆነ፣ 1.00 ላይ ያርፋል። ያ ሁሉ የሚያስፈራው ቤታ ሲሶው ያህል የባንክ ብድር ነበር ማለት ይቻላል። አማካዩ 0.90 ነው።

አሁን የኛን እናስገባ። ዕዳና ካፒታል እኩል ስለሆኑ ምጥጥኑ 1 ነው። 0.90 በ1.75 ሲባዛ 1.575 ይሆናል። ቀመሩ ውስጥ ሲገባ 4.3 ሲደመር 1.575 ጊዜ 5፣ ወደ 12.2 በመቶ ይመጣል። በዚህ ተመን የ10 ዓመቱ ገንዘብ የዛሬ ዋጋ 123 ሚሊዮን ነው። ትርፉ ከ49 ወደ 23 ሚሊዮን ወረደ፤ ግን አሁንም አዋጭ ነው።

## ይህን ቤታ ምን ያህል ማመን ይቻላል?

ብዙም አይደለም። ቢያንስ በአንድ ኩባንያ ላይ ተመሥርቶ ከሆነ።

ቤታ በተለምዶ የሚወጣው ከ60 ወር የዋጋ መረጃ ነው። ከላይ ባየነው የወርቅ ኩባንያ፣ ዝምድናው 0.35 ሲሆን፣ የግምቱ መደበኛ ስህተት ወደ 0.35 ይጠጋል። ይህ ማለት 0.98 ያልነው ቤታ እውነተኛው ከ0.3 እስከ 1.7 ባለው ውስጥ ሊሆን ይችላል። ባለሙያ ሰው በሦስት የማይረካውና አሥር፣ አሥራ አምስት ኩባንያ የሚሰበስበው ለዚህ ነው። ሦስቱን የመረጥነው ስሌቱ እንዲታይ ብቻ ነው።

ሁለት ወጥመዶች አሉ። አንደኛው የማይገበያይ አክሲዮን ነው። ትናንሽ ፈላጊ ኩባንያዎች አክሲዮናቸው ለቀናት ላይሸጥ ይችላል። ዋጋው ስለማይንቀሳቀስ ከገበያው ጋር ያለው ዝምድና ይጠፋና ቤታው 0.2 ብሎ ይወጣል። ይህ ደኅንነት አይደለም፤ አክሲዮኑ ተኝቷል ማለት ነው። የሚታወቀው የግብይት መጠኑን በማየት ነው። ሁለተኛው የመለኪያው ጉዳይ ነው። ቶሮንቶ ገበያ ውስጥ ማዕድን ትልቅ ድርሻ አለው። የማዕድን ኩባንያን በማዕድን በተሞላ መለኪያ ስንለካ፣ በከፊል ራሱን በራሱ እየለካነው ነው። የዓለም አቀፍ መለኪያ ይሻላል።

ስለ ዕዳው ቀመርም አንድ ቃል። ቀመሩ አበዳሪው ምንም ስጋት የለበትም ብሎ ያስባል። ለአፍሪካ ማዕድን የሚያበድር ባንክ ግን ስጋት ስላለው ነው ከፍ ያለ ወለድ የሚጠይቀው። ከስጋቱ ከፊሉን አበዳሪው ከተሸከመ የባለአክሲዮኑ ይቀንሳል። የዕዳው ቤታ 0.3 ቢሆን 1.575 የነበረው ወደ 1.35 ይወርዳል፤ ተመኑም ወደ 11 በመቶ። በተጨማሪ ብድሩ እየተከፈለ ሲሄድ ቤታው በየዓመቱ ይቀንሳል። ዕዳው ሲያልቅ 0.90 ላይ ይደርሳል፤ ተመኑ 8.8 ይሆናል። አንድ ቁጥር ለ10 ዓመት መጠቀም አቋራጭ እንጂ እውነቱ አይደለም።

## የአገር ስጋት፦ ክርክሩ የሚጦፍበት ቦታ

እስካሁን ያልነው ሁሉ ማዕድኑ ኔቫዳ ውስጥ ቢሆንም ያው ነው። «ኢትዮጵያ ውስጥ መሆኑስ?» የሚለው ጥያቄ ይመጣል።

ጥያቄው ተገቢ ነው። ኢትዮጵያ በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. የአንድ ቢሊዮን ዶላሩን ዩሮቦንድ 33 ሚሊዮን ዶላር ወለድ ሳትከፍል ቀርታለች። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ። በግንቦት 2010 ዓ.ም. ደግሞ በአካባቢው ሕዝብ ተቃውሞ ምክንያት የለገደምቢ ወርቅ ማውጫ ፈቃድ ታግዶ ነበር። ይህ የመጨረሻው በተለይ የማዕድን ባለሀብት የማይረሳው ነው።

የተለመደው መፍትሔ የአገሪቱ መንግሥት ሲበደር ከአሜሪካ መንግሥት በላይ የሚከፍለውን ልዩነት ወስዶ ተመኑ ላይ መደመር ነው። ለምሳሌያችን 7 በመቶ እናድርገው። ግን እንዴት እንደሚደመር ስምምነት የለም። አንዱ ወገን መጨረሻ ላይ እንደ ቀረጥ ይደምረዋል፤ 12.2 ሲደመር 7፣ 19.2 በመቶ። ሌላው ወገን የገበያው ካሳ አካል ነው ይልና በቤታ ያባዛዋል። 5 እና 7 ተደምሮ 12፣ በ1.575 ተባዝቶ፣ 4.3 ሲጨመርበት፣ 23.2 በመቶ። ሦስተኛው ወገን ደግሞ እያንዳንዱ ኩባንያ ለአገሩ ስጋት የተጋለጠበት መጠን ይለያያል ይላል፤ መጠኑንም ከአገር ውስጥ ሽያጩ ይለካል።

ሦስተኛው ለሞባይል ኩባንያ ወይም ለቢራ ፋብሪካ ጥሩ ይሠራል። ለወርቅ ግን ያሳስታል። ወርቁ የሚሸጠው በዓለም ዋጋ ስለሆነ በሽያጭ ብንለካው «ለኢትዮጵያ ስጋት አልተጋለጠም» የሚል መልስ ይወጣል። ጉድጓዱ ግን አይነቀልም። መንገድ ቢዘጋ፣ ነዳጅ ባይደርስ፣ ፈቃድ ቢታገድ ወርቁ እዚያው ይቀራል። የማዕድን ተጋላጭነት የሚለካው በገዢው አድራሻ ሳይሆን በጉድጓዱ ነው።

ወደ ምሳሌያችን ስንመለስ ልዩነቱ ትልቅ ነው። በ19.2 የዛሬ ዋጋው 95 ሚሊዮን ነው፤ በ23.2 ደግሞ 83 ሚሊዮን። ፕሮጀክቱ በራሱ የሚያስገኘው ወደ 17.7 በመቶ ስለሆነ በሁለቱም ይወድቃል። እንግዲህ ውሳኔው ተገለበጠ፤ የገለበጠውም ወርቁ ወይም ቤታው ሳይሆን ይህቺ የተደመረች 7 ናት።

## ፐርሰንቱን ወደ ዕድል መመለስ

አራተኛ አመለካከት አለ። ለዚህ ጸሐፊ የሚያሳምነውም እሱ ነው። ተመኑ ላይ ከመደመር ይልቅ ስጋቱን ገንዘቡ ላይ ማስቀመጥ።

የምንፈራው ምንድን ነው? ማዕድኑ በአንድ ዓመት ውስጥ ጨርሶ መቆሙ ነው እንበል። የዚህ ዕድል በየዓመቱ 3 በመቶ ከሆነ፣ በመጀመሪያው ዓመት የምንጠብቀው 22 ሚሊዮን ሳይሆን የሱ 97 በመቶ ነው። በሁለተኛው የዚያ 97 በመቶ፣ እያለ ይቀጥላል። ይህን በ12.2 ስንቀንሰው የዛሬ ዋጋው 107.6 ሚሊዮን ይመጣል። አሁንም ያዋጣል። ዕድሉ 5 በመቶ ቢሆን 98.5 ይሆናል፤ አያዋጣም። መስመሩ 4.7 በመቶ አካባቢ ነው።

ጥያቄው ምን ያህል እንደተለወጠ ይታያል። ቀድሞ «የአገር ስጋት 7 ነው 11?» ነበር። ለዚህ ማንም መልስ የለውም። አሁን «በየዓመቱ ማዕድኑን የማጣት ዕድላችን ከመቶ ከ5 በታች ነው ወይስ በላይ?» ሆነ። ይህም ከባድ ነው። ግን የአካባቢውን ሽማግሌ፣ የፀጥታ አማካሪውን፣ የኢንሹራንስ ሰውየውን ጠይቆ መከራከር ይቻላል። የፖለቲካ ስጋት ኢንሹራንስ የሚሸጡ ተቋማት፣ የዓለም ባንክ ቡድኑን ሚጋን ጨምሮ፣ ዋጋ ይሰጣሉ። ያ ዋጋ ራሱ የገበያ ፍንጭ ነው።

በተቃራኒው ደግሞ «ለጥንቃቄ» ተብሎ የሚደመረው ፐርሰንት ምን እንደሚል ማንበብ ይቻላል። ተመኑን ከ12.2 ወደ 19.2 መውሰድ፣ በየዓመቱ 5.9 በመቶ ሁሉን የማጣት ዕድል አለ ከማለት ጋር አንድ ነው። ወደ 23.2 መውሰድ 8.9 በመቶ ማለት ነው። በዚህ ሒሳብ ማዕድኑ 10 ዓመት ቆሞ የመገኘት ዕድሉ 39 በመቶ ብቻ ነው። ይህን በግልጽ ጽፎ የሚፈርም ኃላፊ ብዙ አይገኝም። 23 በመቶ ብሎ ሲጻፍ ግን ማንም አይደነግጥም።

የጂኦሎጂው ስጋትም የሚገባው እዚህ ነው። ናሙናው ከገመተው ያነሰ ወርቅ የመገኘት ዕድል 30 በመቶ ከሆነ ያ የገንዘብ ትንበያው ውስጥ ይግባ። ተመን ላይ መደመር እዚህ የተለየ ጉዳት አለው። ተመን በየዓመቱ ይደራረባል። 7 ነጥብ መጨመር የመጀመሪያውን ዓመት ገንዘብ በ6 በመቶ ገደማ ሲቀንሰው፣ የአሥረኛውን ዓመት በ45 በመቶ ይቆርጠዋል። የድንጋዩ ነገር ግን በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ይለያል። በአሥረኛው ዓመት እርግጠኛ ያልሆንንበት ነገር ስለማይኖር መቅጣት አያስፈልግም።

ከሁሉ የሚበዛው ስህተት ሁለቱንም ማድረግ ነው። ምርቱ ለጥንቃቄ በ20 በመቶ ይቀነሳል፣ የወርቁ ዋጋ ዝቅ ይደረጋል፣ የግንባታ መዘግየት ይታሰባል። ከዚያ ተመኑም ወደ 25 ይነሳል። አንዱ ስጋት ሁለቴ ተቆጠረ። የአዋጭነት ጥናት ሲቀርብ ይህን ለመለየት አንድ ጥያቄ በቂ ነው፤ «22 ሚሊዮኑ ሁሉም ነገር ሲሳካ የሚገኘው ነው ወይስ በአማካይ የሚጠበቀው?» ሲሳካ የሚገኘው ከሆነ ዝቅ ማለት አለበት። በአማካይ የሚጠበቀው ከሆነ ግን ተመኑ ላይ የተደመረው ነገር ምክንያት ይጠየቅበት።

የዚህ አካሄድ ተቃዋሚዎች ባዶ እጃቸውን አይደሉም። የአገር ቀውስ ሁሌ ለብቻው አይመጣም ይላሉ። የዓለም ገበያ ሲናወጥ የድሃ አገሮች ዕዳም አብሮ ይናወጣል። በተወሰነ መጠን ይህ ትክክል ስለሆነ ከስጋቱ ከፊሉ ቤታ ውስጥ መግባቱ ምክንያት አለው። ከአንድ ወረዳ ጋር ያለ የመሬት ውዝግብ ግን ከኒውዮርክ ገበያ ጋር ምን ያገናኘዋል?

## በብር ከሆነስ?

አጭር መልስ አለው። ገንዘቡ በብር ከተተነበየ ተመኑም በብር ይሁን። የብር ግሽበት 14፣ የዶላር 2.5 በመቶ ነው ብለን ብንገምት፣ 12.2 የዶላር ተመን በብር ወደ 24.8 ይሆናል። ሁለቱ አንድ ዓይነት ናቸው። ከላይ «25 በመቶ» ያለው ሰው ምናልባት በብር እያሰበ ነበር ይሆናል፤ የግማሽ ክርክራችን ምንጭ ይኸው ነው።

ከአገር ውስጥ ቦንድ ተነስቶ ከስጋት ነፃ ወለድ መውሰድ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ከ2003 እስከ 2012 ዓ.ም. የግል ባንኮች ካበደሩት 27 በመቶ ያህል የብሔራዊ ባንክ ሰነድ እንዲገዙ ይገደዱ ነበር። በግዴታ የሚሸጥ ሰነድ ወለዱ የገበያ ዋጋ አይደለም። የዚያን ዘመን ቁጥር የሚጠቀም ስሌት ከመነሻው ዝቅ ብሎ ይጀምራል።

## ሀብቱ ሁሉ አንድ ጉድጓድ ውስጥ የሆነበት ሰው

አንድ ነገር ቀርቷል፤ ለኢትዮጵያ አንባቢ ምናልባት ዋናው ነው። ካፕኤም ገንዘቡን የበተነ ባለሀብት ያስባል። በአገር ውስጥ የፍለጋ ፈቃድ ያወጣ ሰው ግን አልበተነም። ቤቱን አስይዟል፣ የዘመድ ገንዘብ አሰባስቧል፣ ውጭ አገር አክሲዮን ገዝቶ ስጋቱን ማካፈል ደግሞ የውጭ ምንዛሪ ደንቡ አይፈቅድለትም። ለእሱ ድንጋዩ ባዶ ቢሆን የሚያጣፋለት ሌላ ማዕድን የለውም።

ለእንዲህ ያለው ሰው ሙሉ ስጋቱ መቆጠር አለበት። በሥራ ላይ የሚውለው ዘዴ ቤታውን በዝምድናው ማካፈል ነው፤ ጠቅላላ ቤታ ይባላል። 1.575 ለ0.35 ሲካፈል 4.5 ይሆናል። ተመኑም 4.3 ሲደመር 22.5፣ ማለትም 26.8 በመቶ። «30 በመቶ ካላስገኘ» ያለው ሰው እንግዲህ ተሳስቶ አልነበረም። ስለ ራሱ ኪስ ነበር የሚያወራው።

አሁን ሁለቱን ጎን ለጎን እናስቀምጥ። በየዓመቱ 3 በመቶ የማጣት ዕድል ሁለቱም ይቀበላሉ። ገንዘቡን በየአገሩ የበተነው የውጭ ኩባንያ በ12.2 ያስላና የማዕድኑ ድርሻ 108 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ያወጣልኛል ይላል። ፈቃዱን የያዘው ሰው በ26.8 ያስላና 67 ሚሊዮን ያገኛል። 100 ሚሊዮን አውጥቶ መገንባት ለአንዱ ትርፍ፣ ለሌላው ኪሳራ ነው። በጂኦሎጂው ይስማማሉ፤ በወርቁ ዋጋም፤ በአገሩ ስጋትም። የሚለያዩት ስጋቱን ስንት ትከሻ ይሸከመዋል በሚለው ነው። ፈቃዱን ያወጡት ብዙዎቹ ቁፋሮው ከመጀመሩ በፊት ድርሻቸውን ለተመዘገበ ኩባንያ ለመሸጥ የሚደራደሩት፣ ድርድሩም በሁለቱ ቁጥሮች መካከል የሚጎተተው ከዚህ የተነሳ ነው። አገር ውስጥ ያለው የአክሲዮን ገበያ ሰፍቶ ያንን አንድ ጉድጓድ ሺህ ሰው ሊከፋፈለው ሲችል ደግሞ 67ቱ ወደ 108ቱ መጠጋት ይጀምራል።